የሥር ቀለም በማንኛውም ባለሙያ እጅ አንድ ዓይነት እንዲወጣ፦ ለአዲስ የሳሎን ሠራተኞች የሥራ ቅደም ተከተል ማዘጋጀትና ማሠልጠን

አንዲት ደንበኛ ሽበቷን ለመሸፈን በየአምስት ሳምንቱ የሥር ቀለም ትቀባለች እንበል። የመጀመሪያው ባለሙያ ሠራላትና ደስ ብሏት ወጣች። በሚቀጥለው ጊዜ እሱ ዕረፍት ላይ ስለነበር ሌላዋ ባለሙያ ሠራችላት፤ ቤቷ ገብታ መስታወት ስታይ ግንባሯና ጆሮ ግንዷ አካባቢ ሽበቱ እንዳለ ነው። በሦስተኛው ጊዜ የደረሳት በቅርቡ የተቀጠረችው ሠራተኛ ናት። ሽበቱ በሚገባ ተሸፈነ፣ ነገር ግን ከሥሩ ጥቂት ወረድ ብሎ ጭንቅላቷን የሚዞር የጠቆረ መስመር ወጣ። የቀለሙ ዓይነትም ቁጥሩም በሦስቱም ቀን ያው ነበር።

የሳሎን ባለቤቶች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ቶሎ የሚደርሱበት ድምዳሜ «ልጆቹ ልምድ ይጎድላቸዋል» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሦስቱም ቀለም መቀባት ያውቃሉ። የሚለያዩት ሳሎኑ ባልወሰናቸው ጥቂት ነጥቦች ላይ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ስለሚወስኑ ነው። ስለዚህ ሥራው እነዚያን ነጥቦች ፈልጎ ማግኘት፣ በአንድ ገጽ መጻፍ፣ ከዚያም አዲሱን ሠራተኛ በእነሱ ላይ ማሠልጠን ነው። እዚህ የሥር ቀለምን የመረጥኩት ቶሎ ቶሎ የሚደጋገምና ስሕተቱ በግልጽ የሚታይ አገልግሎት በመሆኑ ነው፤ መንገዱ ለእጥበትም፣ ለፎንም፣ ለቁርጥም ይሠራል።

መጀመሪያ ተቀምጦ መመልከት

ሁሉንም አገልግሎት በአንድ ጊዜ ለመጻፍ አይነሡ። እንዲህ የተጀመረ ሥራ ብዙውን ጊዜ ወፍራም ጥራዝ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። አንድ አገልግሎት ይምረጡና ሦስት ባለሙያዎች ሲሠሩት ሰዓትና ማስታወሻ ደብተር ይዘው ይመልከቱ። በመሐል አያርሙ፣ አስተያየትም አይስጡ።

«እንዴት ነው የምትሠሩት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ሰው ሲጠየቅ የሚናገረው ሲማር የተነገረውን ነው፤ እጁ የሚሠራው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። «እኔ ሁልጊዜ እመዝናለሁ» የሚል ባለሙያ ሳሎኑ ሰው በሞላበት ሰዓት ቱቦውን በዓይን ግምት ሲጨምቅ ያያሉ። ስለዚህ የሚታየውን ብቻ ይመዝግቡ፦ ቀለሙ ምን ያህል ግራም ሆነ፣ የተቀላቀለው ስንት ሰዓት ላይ ነው፣ ቅባቱ ከየትኛው የጭንቅላት ክፍል ተጀመረ፣ የት አለቀ፣ ሰዓት መቁጠር የተጀመረው መቼ ነው፣ መታጠብስ መቼ ተጀመረ።

ሦስቱን ማስታወሻዎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው አብዛኛው ነገር ተመሳሳይ ሆኖ ያገኙታል። ልዩነቱ በጥቂት ቦታዎች ይከማቻል። በሥር ቀለም ላይ እነዚህ ቦታዎች ብዙውን ጊዜ አራት ናቸው።

ልዩነቱ የሚወለድባቸው አራት ቦታዎች

አንደኛው ልኬት ነው። ቋሚ ቀለም የሚሠራው ከሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ክሬም ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ሽበት ለመሸፈን በብዛት የሚያገለግለው 6 በመቶው፣ ማለትም 20 ቮልዩም የሚባለው ነው። አምራቹ ውህዱን 1 ለ1.5 ካዘዘ ለ30 ግራም ቀለም 45 ግራም ክሬም ይገባል። በዓይን የሚገምት ሰው 25 ግራም ቀለም ላይ 50 ግራም ክሬም ቢጨምር ውህዱ 1 ለ2 ይሆናል። በሳህኑ ውስጥ ሲታይ ትንሽ ቀጠን ከማለቱ በቀር ያን ያህል አያስታውቅም፣ ሽበቱ ላይ ግን ቀለሙ ሳስቶ ይታያል። በተቃራኒው ክሬሙ ካነሰ ውህዱ ይወፍራል፣ ለመቀባት ያስቸግራል፣ ውጤቱም ከተፈለገው ጠቆር ሊል ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን ብቻ ነው።

ሁለተኛው የክፋዩ ውፍረት ነው። ፀጉሩ ለአራት ከተከፈለ በኋላ እያንዳንዱ ክፍል በማበጠሪያው ጭራ እየተነሣ በቀጭን በቀጭኑ ይቀባል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክፋይ በላይም በታችም ሲቀባ ቀለሙ ወደ መሐል ይደርሳል። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አድርጎ የሚያነሣ ሰው ጊዜ ያተርፋል፤ መሐሉ ላይ ያለው ሽበት ግን ሳይነካ ይቀራል። ይህ ስሕተት ደንበኛዋ ወንበሩ ላይ እያለች አይታይም፤ የሚታየው በሌላ ቀን ፀጉሯን በሌላ መስመር ስትከፍለው ነው።

ሦስተኛው የብሩሹ መቆሚያ ነው። ፀጉር በወር በአማካይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ጥቂት በለጥ ያድጋል። በአምስት ሳምንት የበቀለው ሥር እንግዲህ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ብሩሹ ከዚያ አልፎ ቀድሞ ወደተቀባው ፀጉር ከወረደ ያ ክፍል በላዩ ላይ ሌላ ቀለም ይደረብበታል። ቀድሞ የተቀባ ፀጉር ቀለም በቀላሉ ስለሚመጥ በዚያ ቦታ ይጠቁራል። የአዲሷ ሠራተኛ መስመር የተወለደው ከዚህ ነው። ብሩሹን ከመጠን በላይ ሞልታ፣ ከዚያም «ይዳረስ» ብላ ቀለሙን በማበጠሪያ ወደ ታች ስባዋለች።

አራተኛው ሰዓት ነው፤ ብዙ ጥፋት የሚያስከትለው ይኸኛው ይመስለኛል። ሳጥኑ ላይ «35 ደቂቃ» ተብሎ ከተጻፈ ከመቼ ጀምሮ? ሁለተኛዋን ባለሙያ እንያት። ቅባቱን ከማጅራት ጀምራ በ25 ደቂቃ ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ጨረሰች። ሰዓት መቁጠር የጀመረችው ግን የመጀመሪያውን ብሩሽ ስታሳርፍ ነው፤ በ35ኛው ደቂቃም አጠበቻት። ማጅራቷ ላይ ያለው ፀጉር 35 ደቂቃ ሲቆይ ግንባሯ ያገኘው 10 ደቂቃ ብቻ ነው። የብዙ ሰው ሽበት ደግሞ የሚበዛውም ቀለም አልይዝ የሚለውም በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ነው። ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚያስፈልገው ቦታ ከሁሉ ያነሰ ጊዜ ተሰጠው ማለት ነው። ይህን ችግር ውድ ቀለም በመግዛት አይፈቱትም። ከሽበታማው ቦታ መጀመርና ሰዓቱን ቅባቱ ካለቀበት ደቂቃ መቁጠር ግን ይፈታዋል።

ገጹን መጻፍ

በ1940ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥት ለፋብሪካዎች በብዛት የሚገቡ አዳዲስ ሠራተኞችን ቶሎ ለማሠልጠን አንድ ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ ፕሮግራም የመጣው የሥራ መዘርዝር ለሳሎን በጣም ይስማማል። አንድ ሥራ በሦስት ይከፈላል፦ ምን ይደረጋል፣ ሥራው የሚበላሸው ወይም የሚሳካው በምን ነጥብ ላይ ነው፣ ለምን። ብዙ ሳሎኖች የመጀመሪያውን ብቻ ይጽፋሉ። «ፀጉሩን ክፈል፣ ቀለሙን ቀባ፣ እጠብ» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ግን ማንም የማያውቀውን ነገር አይነግርም። ጥራትን የሚያስተካክለው ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ሠራተኛው ሰው በማያየው ጊዜም እንዲያከብረው የሚያደርገው ሦስተኛው ነው።

ለሥር ቀለም የሚዘጋጀው ገጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

1. የደንበኛዋን ካርድ አውጣ፣ ጠይቅ። ቁልፉ፦ የአለርጂ ሙከራ አምራቹ ባዘዘው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ48 ሰዓት በፊት፣ መደረጉን አረጋግጥ፤ ከዚህ በፊት በቀለም ወይም በጥቁር ጊዜያዊ ንቅሳት ማሳከክ ወይም እብጠት ደርሶባት እንደሆነ ጠይቅ። ምክንያቱ፦ ለቀለም የሚነሣ አለርጂ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ በፊት ችግር አለመኖሩም ዋስትና አይደለም።
2. ሥሩን በማስመሪያ ለካ፣ ሽበቱ የት እንደሚበዛ ካርዱ ላይ ጻፍ። ምክንያቱ፦ የቀለሙን መጠንም የመነሻውን ቦታም የሚወስነው ይህ ነው።
3. ፀጉሩን ለአራት ክፈል፦ ከግንባር እስከ ማጅራት፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ። በግንባሩ ዳር ቆዳው ላይ መከላከያ ቅባት አድርግ።
4. በሚዛን ቀላቅል። ቁልፉ፦ ብረት ባልሆነ ሳህን፣ መጀመሪያ ግማሹን ብቻ፣ ሌላውን ግማሽ ሁለት ክፍል ተቀብቶ ሲያልቅ። ምክንያቱ፦ ቀለሙ ከተቀላቀለበት ደቂቃ ጀምሮ መሥራት ይጀምራል፤ የቆየ ውህድ ኃይሉ ይቀንሳል።
5. ሽበት ከሚበዛበት ቦታ ጀምረህ ቀባ። ቁልፉ፦ ክፋዩ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አይበልጥ፤ ከብሩሹ በታች የራስ ቆዳ በግልጽ ይታይ፤ ብሩሹ የድሮው ቀለም ከሚጀምርበት ላይ ይቁም። ካርዱ ካላዘዘ በቀር ወደ ታች አታበጥር።
6. ቅባቱ ያለቀበትን ደቂቃ ካርዱ ላይ ጻፍና ሰዓቱን ከዚያ ሙላ። ማጠቢያ ጋ ከመውሰድህ በፊት ሦስት ቦታ ላይ ቀለሙን በእርጥብ ጥጥ ጠርገህ ተመልከት፦ ግንባር፣ ጆሮ ግንድ፣ አናት።
7. ጥቂት ለብ ያለ ውኃ ጨምረህ በጣትህ አሽ፣ ከዚያ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠብ፣ በመጨረሻ ለተቀባ ፀጉር በተዘጋጀ ሻምፖ። ምክንያቱ፦ መጀመሪያ የሚታሸው ቀለም ቆዳ ላይ የቀረውን ይዞ ይወርዳል።
8. ፀጉሩ ደርቆ በቀን ብርሃን አሳይ፣ ካርዱን ጨርስ።

ቁጥሮቹ ከሚጠቀሙበት ቀለም መመሪያ ጋር መስማማት አለባቸው፤ 1 ለ1 የሚያዝ አምራች አለ፣ ሌላም የሚያዝ አለ። ወረቀቱና ሳጥኑ ከተቃረኑ የሚታመነው ሳጥኑ ነው።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ገጹ ላይ ያልተጻፈው የባለሙያው ነው። ከደንበኛዋ ጋር እንዴት እንደሚያወራ፣ በግራ ወይስ በቀኝ እጁ እንደሚቀባ፣ ከኋላ ወይስ ከጎን እንደሚቆም፣ ፎኑን በምን ዓይነት ብሩሽ እንደሚጨርስ አይጻፍ። ሁሉን የሚያዝ ወረቀት ጎበዝ ባለሙያን ያስቀይማል፤ የተቀየመ ሰው ደግሞ አስፈላጊውንም ነጥብ አብሮ ይጥለዋል። አንድን ነጥብ ከመጻፍዎ በፊት «ይህ ቢለያይ ደንበኛዋ ፀጉሯ ላይ ታየዋለች ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የማታየው ከሆነና ለጤናዋም የማይነካ ከሆነ ይተዉት።

ነባሮቹ አስቀድመው ይስማሙ

ይህ ደረጃ ከተዘለለ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። አዲሷ ሠራተኛ ከወረቀቱ አንድ ነገር ተምራ አጠገቧ ያለችው ነባር ባለሙያ ሌላ ስትሠራ ካየች የምትከተለው ባለሙያዋን ነው። ከነባሮቹ አንዱ «እሱ ወረቀት ነው፣ ሥራው እንዲህ ነው» ካላት ደግሞ ነገሩ አበቃ።

ስለዚህ ደንበኛ በማይበዛበት ቀን ነባሮቹን ይሰብስቡ። እያንዳንዳቸው ተመሳሳይ የሥልጠና አሻንጉሊት ራስ ይዘው በገጹ መሠረት ያለ ቃል ይሥሩት። ከዚያ ክፋዮቻቸውን በማስመሪያ ይለኩ፣ ደቂቃዎቻቸውን ያስተያዩ። ክርክር ይነሣል፤ ይነሣ። «ግማሽ ሴንቲ ሜትር ለወፍራም ፀጉር ጊዜ ይበላል» የሚል ቢመጣ ሁለቱም መንገድ በአንድ ራስ ላይ በግራና በቀኝ ይሞከር፣ ፀጉሩ ደርቆ ተከፍሎ ይታይ። ገጹ በታየው ውጤት ይስተካከላል እንጂ በእድሜ ወይም በድምፅ ብልጫ አይስተካከልም። ሲያበቃ ሁሉም ይፈርሙበት። የሚያሠለጥነው ሰው ከእነሱ መካከል አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት አሠልጣኝ ያላት ሠልጣኝ ሁለት ዓይነት ሥራ ትማራለች።

ማሠልጠኑ

ሙሉውን አገልግሎት በአንድ ቀን ማሳየት ምንም አያስተምርም። በአንድ ጊዜ ከገጹ አንድ ረድፍ ብቻ ይውሰዱ። ክፋይ ማንሣትን ለምሳሌ ብናይ፣ ትምህርቱ አራት ዙር አለው።

በመጀመሪያው ዙር አሠልጣኟ ሳትናገር ትሠራለች፤ ሠልጣኟ ዓይኗ እንዲለምደው ብቻ ታያለች። በሁለተኛው ዙር እየሠራች ቁልፉን ትናገራለች፦ «ጭራውን ከቆዳው ጋር አስተኝቼ እስባለሁ፤ ካነሣሁት በኋላ ብርሃን ላይ አየዋለሁ። ከሥሩ የማጅራቱ ቆዳ በክፋዩ ውስጥ አሳልፎ ከታየኝ ቀጭን ነው፤ ካልታየኝ እከፍለዋለሁ።» በሦስተኛው ዙር ሠልጣኟ ትሠራለች፣ አፏም አብሮ ይሠራል፤ ምን እንደምታደርግና ለምን እንደሆነ እየተናገረች። ዋናው ዙር ይህ ነው። ብዙ ሰው በዝምታ ጥሩ ይሠራና ምክንያቱን ሲጠየቅ ይጠፋበታል፤ ምክንያቱ የጠፋበት ሰው ሥራ ሲበዛበት የሚጥለው ያንኑ ነጥብ ነው። «ለምን ግማሽ ሴንቲ ሜትር?» ሲሏት «እንደዚያ ስለተባለ» ካለች ወደ ሁለተኛው ዙር ይመለሱ፤ «መሐሉ እንዳይቀር» ካለች ይቀጥሉ። በአራተኛው ዙር ብቻዋን ትሠራለች፣ አሠልጣኟ ራቅ ብላ ትቆማለች።

ለልምምድ ቀለም ማባከን አያስፈልግም። ውድ ካልሆነ ኮንዲሽነር ጋር ጥቂት የምግብ ቀለም ተቀላቅሎ አሻንጉሊት ራስ ላይ ቢቀባ ብሩሹ የት እንደቆመ፣ የትኛው ክፋይ መሐሉ እንደቀረ በደንብ ይታያል። ከታጠበም በኋላ ይደገማል።

ስሕተት ስታዩ እጇን ይዛችሁ አትሥሩላት። «ይህን ክፋይ አንሥተሽ መሐሉን እይው» ማለት ይበቃል፤ ያልተቀባውን ነጭ መስመር ራሷ ካየችው ሁለተኛ አትረሳውም።

ፍጥነት በመጨረሻ ይመጣል። ጀማሪ የአራቱን ክፍል ቅባት በ45 ደቂቃ ልትጨርስ ትችላለች፤ ይህ ለአሻንጉሊት ራስ ምንም አይደለም። ለደንበኛ ግን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ክፋይ መካከል የ45 ደቂቃ ልዩነት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ከ30 ደቂቃ በታች እስክትጨርስ ድረስ ደንበኛ ላይ ሁለት ክፍል እሷ፣ ሁለት ክፍል አሠልጣኟ በአንድ ጊዜ ይቅቡ። ደንበኛዋም ብዙ አትቀመጥም፣ ሰዓቱም አይዛባም። ፍጥነቷን ለመጨመር ብለው ክፋዩ እንዲወፍር ከፈቀዱላት ግን ያስተማሩትን በራስዎ እጅ አፍርሰዋል።

ብቻዋን መቼ ትሥራ?

«በቃሽ» ማለት ስሜት መሆን የለበትም። ሦስት ሙሉ አገልግሎት ደንበኛ ላይ፣ አሠልጣኟ እያየች፣ ያለ እርማት ከጨረሰች ይፈረምላት። ከሦስቱ አንዷ ሽበቷ ግንባር ላይ የሚበዛ፣ አንዷ ደግሞ ፀጉሯ ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ደንበኛ ብትሆን ጥሩ ነው፤ ቀላሉን ፀጉር ማንም ይሠራዋል። የሚፈረመውም በየረድፉ ነው። ልኬቷና ሰዓቷ ጥሩ ሆኖ ብሩሿ የሚያልፍ ከሆነ አምስተኛው ረድፍ ብቻ ይደገማል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥልጣኗ ይሁን፦ የአለርጂ ሙከራው ካልተደረገ ሥራውን ማቆም። ደንበኛዋ ብትቆጣም፣ ነባሩ ባለሙያ «ምንም አይደል» ቢላትም። ይህን የሚደግፍ የባለቤቱ ፊርማ ገጹ ላይ ይኑር፤ አለበለዚያ አዲስ ሰው «አይሆንም» ለማለት አይደፍርም።

ካርዱና ክትትሉ

ባለሙያ ሲቀየር ውጤቱ እንዳይቀየር የሚያደርገው የደንበኛዋ ካርድ ነው። «ቡናማ፣ እንደ ባለፈው» የሚል ካርድ ለሌላ ሰው አይጠቅምም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦ የቀለሙ ዓይነትና ቁጥር፣ 30 ግራም፣ ክሬም 6 በመቶ 45 ግራም፣ ሥር 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ መነሻ ግንባር፣ ቅባቱ ካለቀ በኋላ 35 ደቂቃ፣ ወደ ታች አልተሳበም፣ ግንባር በቀኝ በኩል አስቸጋሪ። ካርዱን ለመፈተን በወር አንድ ጊዜ አንድን የቆየች ደንበኛ፣ እሷ ከፈቀደች፣ ለማታውቃት ባለሙያ ይስጡና ሥራውን ከካርዱ ብቻ ይሥራ። መጠየቅ የፈለገው ነገር ካለ ካርዱ ላይ የጎደለው እሱ ነው።

ለማስተካከል ተመልሶ የመጣን ሥራ ሁሉ በአንድ ደብተር ይመዝግቡ፤ ከባለሙያው ስም ይልቅ የተሳሳተውን ረድፍ ቁጥር ይጻፉ። በአንድ ሰው ላይ ብቻ አንድ ረድፍ ከተደጋገመ እሱን በዚያ ረድፍ ያሠልጥኑት። በተለያዩ ሰዎች ላይ ያው ረድፍ ከመጣ ግን ችግሩ የገጹ ነው፦ ምናልባት ቁልፉ ግልጽ አይደለም፣ ምናልባት ሚዛኑ ከማደባለቂያው ጠረጴዛ በጣም ርቋል። ሚዛን ፍለጋ ክፍል ማቋረጥ ካለባቸው ሥራ ሲበዛ ሁሉም በዓይን ይገምታሉ፤ ይህን ስብሰባ ከመጥራት ሚዛኑን ማስጠጋት ይሻላል።

ቀለሙን ወደ ሌላ አምራች ሲቀይሩ አራተኛውና ስድስተኛው ረድፍ አብረው ይቀየራሉ፤ ልኬቱም ደቂቃውም ሊለያይ ይችላልና። አዲሱ ገጽ ቀን ይጻፍበት፣ አሮጌው ከግድግዳውም ከመሳቢያውም በዚያው ቀን ይነሣ፣ ነባሮቹም ጀማሪዎቹም እነዚያን ሁለት ረድፎች ብቻ አሻንጉሊት ራስ ላይ እንደገና ሠርተው ይፈርሙባቸው።